ለስላሳ ሣር ወይስ ደረቅ መሬት? የታኬታ ጥርስና የሺን ጋርድ አመራረጥ

ታኬታ ሲገዛ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው። ቀጥሎ ስሙን፣ ከዚያ ክብደቱን። ሶሉ የሚገለበጠው መጨረሻ ላይ ነው። ሜዳ ላይ ግን ዋናውን ሥራ የሚሠራው ሶሉ ነው። ስለዚህ ጫማውን አንሱና መጀመሪያ ገልብጡት።

ሶሉን እያያችሁ የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው። እኔ በምጫወትበት ሜዳ ላይ ይህ ጥርስ መሬት ውስጥ ይገባል ወይስ አይገባም? የሚገባ ከሆነ ጥቂትና ረጅም ጥርስ ይጠቅማል። የማይገባ ከሆነ ብዙና አጭር ያስፈልጋል። የቀረው ሁሉ ከዚህ የሚከተል ነው።

ሺን ጋርድን እዚሁ አብሬ ያነሳሁት በምክንያት ነው። ሜዳው ሲለወጥ የተጋጣሚው ጥርስም ይለወጣል። የተጋጣሚው ጥርስ ሲለወጥ ደግሞ ቅልጥማችን ላይ የሚያርፈው ምት ሌላ ይሆናል።

መጀመሪያ መሬቱን ፈትሹ

ወቅቱን አይቶ መወሰን ያሳስታል። በዝናብ ወራት ውሃ ቶሎ የሚያሰርግ ሜዳ በማግስቱ ጠንክሮ ሊገኝ ይችላል። በደረቁ ወራት ደግሞ ውሃ የሚያጠጡት ሜዳ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። የሚሻለው መሬቱን ራሱን መጠየቅ ነው።

አንድ እስክሪብቶ ወይም ቁልፍ ያዙና ሣሩ መሃል በመዳፋችሁ ግፊት ወደታች ጫኑት። ያለ ብዙ ትግል ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ከገባ መሬቱ ለስላሳ ነው። ታግሎ አንድ ሴንቲሜትር ከገባ ጠንከር ያለ ነው፣ ግን ጥርስ ይቀበላል። ጭረት ብቻ ትቶ ከቆመ ደረቅ ነው። ይህን ቢያንስ ሦስት ቦታ አድርጉት፦ ጎል አፍ ላይ፣ መሃል ሜዳና መስመሩ ጥግ። ጎል አፍና መሃሉ ብዙ ስለሚረገጡ ሣራቸው ያልቃል፣ አፈሩም ይጠቀጠቃል። መስመሩ አካባቢ ግን ሣሩ ደህና ይቆያል። አንድ ሜዳ ሦስት ዓይነት መሬት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ፈተና የራሳችሁ ዱካ ነው። ታኬታውን አድርጋችሁ ጥቂት እርምጃ ሩጡ፣ ድንገት ቁሙ፣ ከዚያ ዞራችሁ ዱካችሁን እዩ። ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ገብቶ ሶሉ ራሱ መሬቱ ላይ ምልክት ከተወ መሬቱ ለስላሳ ነው። ጥርት ያለ ቀዳዳ ካለና የሶሉ ምልክት ብዙም ከሌለ ጥርሱና ሜዳው ተስማምተዋል። ነጠብጣብ ብቻ ካያችሁ ጥርሱ አልገባም፣ እናንተ የቆማችሁት ጫፉ ላይ ነው። ከቀዳዳው ኋላ ጅራት የመሰለ ረጅም ጭረት ካለ ደግሞ እግራችሁ ከመቆሙ በፊት ተንሸራቷል።

ሳጥኑ ላይ ወይም ምላሱ ውስጥ የሚታተሙትን ሁለት ፊደላትም ማወቅ ይጠቅማል። ኤስጂ ለለስላሳ መሬት ነው። ኤፍጂ ጠንከር ላለ የተፈጥሮ ሣር ነው። ኤችጂ ለደረቅና ለጠንካራ መሬት ነው። ቲኤፍ የሚባለው ትናንሽ የላስቲክ ጥርሶች ሶሉን የሞሉት ጫማ ሲሆን የተሠራው ለአጭር ሰው ሠራሽ ሣር ቢሆንም ለደረቅ አፈር ሜዳም ጥሩ ያገለግላል። ከሁሉ በላይ ሰው የሚሳሳተው ኤፍጂ ላይ ነው። ለደረቅ ሜዳ የተሠራ ይመስለዋል። ኤፍጂ የሚፈልገው ግን ሣር ያለው፣ ትንሽ እርጥበት የያዘና ጥርስ የሚቀበል ሜዳ ነው። ሣሩ አልቆ አፈሩ የደረቀ ሜዳ ላይ ኤፍጂም ይረዝማል።

ለስላሳ ሣር ላይ

እርጥብ መሬት የሚያንሸራትተን ላዩ ያለው አፈር ስለሚቆረጥ ነው። ስንገፋው ከሥሩ ካለው አፈር ተላቆ አብሮን ይሄዳል። አጭር ጥርስ የሚይዘው ይህንኑ ላይኛውን ንብርብር ብቻ ነው። ረጅም ጥርስ ግን አልፎት ይወርድና የሣሩ ሥር ያሰረውን ጠንከር ያለ አፈር ያገኛል። የኤስጂ ጥቅሙ ይኸው ነው።

የተለመደው የኤስጂ ሶል ስድስት ጥርስ አለው፣ አራት ከፊት ሁለት ከኋላ። ጫፋቸው ብረት ነው፣ ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም። እንደ ቡሎን በቁልፍ ይፈታሉ፣ ይታሰራሉ። ከፊት 11 ሚሊሜትር ከኋላ 13 ሚሊሜትር የተለመደ ነው። ጭቃው ሲጠልቅ ሁለቱንም በረጅም መቀየር ይቻላል። በስድስቱ ላይ ጥቂት የፕላስቲክ ጥርስ የተጨመረባቸውም አሉ።

ጥርሱ ጥቂት የሆነው እንዲሁ አይደለም። ጭቃ በጥርሶች መካከል ይጣበቃል። ጥርሶቹ ከተቀራረቡ መካከላቸው በጭቃ ይሞላና ጫማው ሜዳማ ሶል ያለው ይሆናል። ብዙ ጥርስ ያለው ኤችጂ ጭቃ ላይ የማይረባውም ለዚህ ነው። ጥርሱ አጥሮ ብቻ አይደለም፣ ጭራሽ ይቀበራል። ስድስት የተራራቁ ጥርሶች መካከል የገባ ጭቃ ግን በሩጫው ኃይል ራሱ ይወድቃል።

የሚፈታ ጥርስ ታሪክ ሲነሳ ሁሌ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1954 ስዊዘርላንድ፣ በርን ላይ የተደረገው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ነው። ዝናብ ነበር። ምዕራብ ጀርመን በአዲዳስ መሥራቹ በአዲ ዳስለር ጫማ ረጅም ጥርስ አስራ ገባች፣ 2 ለ 0 ከተመራች በኋላም ሀንጋሪን 3 ለ 2 አሸነፈች። ጨዋታውን ጥርሱ ብቻውን አሸነፈ ማለት አይደለም። ግን በጨዋታው ቀን ሜዳውን አይቶ ጥርስ መቀየር ምን ማለት እንደሆነ ያሳያል።

ኤስጂ የመረጠ ሰው አንድ ሥራ ይጨመርበታል። ጥርሱ ይላላል። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት በቁልፉ ጥብቅ አድርጉት። ስትፈቱት የቡሎኑን ጥርስና ጉድጓዱን ከአሸዋ አጽዱ። አሸዋ የገባበት ጥርስ የታሰረ ይመስላል እንጂ እስከ መጨረሻው አልገባም፣ ሜዳ ላይ ይወልቃል። አንድ ጥርስ የወለቀበት ታኬታ እግርን ወደ አንድ ጎን ይጥላል። ከዚያ ጣታችሁን በብረቱ ጫፍ ዙሪያ አሽከርክሩ። ድንጋይና ሲሚንቶ ላይ የተራመደ ብረት ጠርዙ ይሳላል። ጣታችሁን ከያዘ የሰው ቅልጥም ይቆርጣል። ዳኛውም አደገኛ ነው ብሎ የመከልከል መብት አለው። ከመልበሻ ክፍል እስከ ሜዳው በነጠላ ጫማ ሄዳችሁ ታኬታውን እዚያው ማድረግ ይህን ጣጣ ያስቀራል።

ደረቅ መሬት ላይ

እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ጉዳቱ የሚበዛው እዚህ ነው። ለስላሳ ሣር ላይ አጭር ጥርስ ያደረገ ሰው ይንሸራተታል፣ ኳስ ያጣል፣ ይቆሽሻል። ደረቅ መሬት ላይ ረጅም ጥርስ ያደረገ ሰው ግን እግሩን ይጎዳል።

ሂሳቡን እንሥራው። 70 ኪሎ የሚመዝን ተጫዋች ሲሮጥ አንድ እግሩ ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውነቱ ክብደት ሁለት ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ሁለት ተኩል እጥፍ እንበል፣ 175 ኪሎ ይሆናል። በእግሩ ፊት ተነስቶ ሲገፋ የኤስጂ አራቱ የፊት ጥርሶች ይህን ይካፈላሉ፦ ለእያንዳንዱ 44 ኪሎ ገደማ። መሬቱ ለስላሳ ቢሆን ጥርሱ ይሰምጥና ሶሉ ራሱ መሬቱን ነክቶ ጫናውን ይጋራው ነበር። ደረቅ ሲሆን ግን ሶሉ አየር ላይ ይቀራል። አራቱ ጥርሶች ጫናውን ብቻቸውን ይሸከሙና ወደ ውስጥ እግር መልሰው ይገፉታል። ከፊት 14 አጫጭር ጥርስ ያለው ኤችጂ ላይ ያው ጫና ለእያንዳንዱ 12 ኪሎ ተኩል ያህል ይደርሳል።

ይህን ለማወቅ ሂሳብም አያስፈልግም። ከጨዋታ በኋላ ካልሲውን አውልቁና ውስጥ እግራችሁን እዩ። በአውራ ጣት ሥርና በትንሿ ጣት ሥር ክብ ክብ ቀይ ምልክት ካለ፣ ጫማውን ገልብጣችሁ አጠገቡ ያዙት። ምልክቱ ከጥርሶቹ ቦታ ጋር ከገጠመ ጥርሱ ሶሉን አልፎ እግራችሁን እየወጋ ነው። በተለይ ሶሉ ቀጭን በሆነ ቀላል ጫማ ይህ ይብሳል። ወፍራም የውስጥ ሶል ማስገባት ትንሽ ያስታግሳል፣ ግን ቁርጭምጭሚትን ከፍ ስለሚያደርግ እግር መታጠፉን ያባብሳል። ለጥቂት ጨዋታ እንጂ መፍትሔ አይደለም።

ሁለተኛው ችግር ሚዛን ነው። ያልሰመጠ 13 ሚሊሜትር ጥርስ ላይ የቆመ ሰው ከፍ ባለ ጥቂት ነጥብ ላይ ነው የቆመው። ሲዞር አንዱ ጥርስ ጠጠር ላይ ካረፈ ቁርጭምጭሚቱ ይታጠፋል። ብረት ደግሞ ደረቅ መሬት ላይ ይንሸራተታል። ረጅም ጥርስ ሁልጊዜ ይይዛል ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ሲያይ ይገርመዋል።

ሦስተኛው ከመንሸራተት ተቃራኒ ነው፦ አልለቅ ማለት። እዚህ የጥርሱ ቅርጽ ይገባል። አንዳንዱ ጥርስ ክብ ነው። አንዳንዱ ደግሞ እንደ ምላጭ ረዘም ያለና ጠፍጣፋ ነው። ጠፍጣፋው በቀጥታ ሲሮጡና በድንገት አቅጣጫ ሲቀይሩ ጥሩ ይይዛል። ግን እግር መሬት ላይ ሆኖ ሰውነት ሲዞር አብሮ አይዞርም። እግሩ ተተክሎ ሰውነቱ ሲዞር ልዩነቱን የሚከፍለው ጉልበት ነው። የጉልበት የመሃል ጅማት ከሚበጠስባቸው መንገዶች አንዱ ይሄ ነው፣ ማንም ሳይነካን። ክብ ጥርስ ባለበት ይሽከረከራልና ቶሎ ይለቃል። ስለዚህ ጠንከር ያለ ሣር ላይ ኤፍጂ ስትመርጡ፣ በተለይ ጉልበቱ አንዴ የተጎዳ ሰው ከሆናችሁ፣ ክቡን ውሰዱ። ፍጥነት ትንሽ ቢያጎድል እንኳ ዋጋው ያዋጣል።

ሜዳ ላይ የሚሞከር ነገር ላሳያችሁ። ታኬታውን አድርጋችሁ ሜዳው ላይ በአንድ እግር ቁሙ፣ ተረከዛችሁን ትንሽ አንሱና ቀስ ብላችሁ በእግራችሁ ፊት ለመዞር ሞክሩ። ትንሽ ተቃውሞ ኖሮ ከዞረ ጥሩ ነው። ጉልበታችሁ እስኪሰማችሁ ድረስ አልዞር ካለ ጥርሱ ለሜዳው በዝቷል። ያለ ምንም ተቃውሞ እንደ ሴራሚክ ወለል ከዞረ ደግሞ አንሷል። ቀስ ብላችሁ ሞክሩት፣ በኃይል አይደለም።

ስለ ልጆች አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ከ8 እስከ 14 ዓመት ገደማ የልጅ ተረከዝ አጥንት ገና እያደገ ነው፣ የሚያድግበት ክፍል ለጫና ስሱ ነው። ደረቅ ሜዳ ላይ በጥርስ የሚሮጥ ልጅ ተረከዜን አመመኝ ካለ ሰበብ አይምሰላችሁ። ተረከዙን ከግራና ከቀኝ በሁለት ጣት ጨመቅ አድርጉት። እዚያ ከጮኸ ሐኪም ይየው፣ እስከዚያው ሩጫው ይቀነስ። ለልጅ ደረቅ ሜዳ ላይ ቲኤፍ ይበቃዋል። ላስቲኩ ለስለስ ያለ ነው፣ ጥርሱም ተረከዙን ለይቶ አይወጋም። ብረት ጥርስ ለልጅ ጨርሶ አልመክርም።

ላዩ እርጥብ፣ ውስጡ ደረቅ

እስካሁን ያልነው ቀላሉ ነው። ምርጫ የሚያስቸግረው በሁለቱ መካከል ነው፣ ስለዚህ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ።

የቀኝ መስመር ተከላካይ ነው እንበል፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ74። ሁለት ጫማ አለው፦ ባለ ስድስት ብረት ኤስጂና ባለ ክብ ጥርስ ኤፍጂ። ለሳምንታት ዝናብ አልጣለም። ዛሬ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ዘነበ፣ ጨዋታው ከሰዓት ነው። ሜዳው ያብረቀርቃል፣ ጎል አፍ ላይ ጭቃ ይታያል። ከቡድኑ ግማሹ ብረት እያሰረ ነው።

እስክሪብቶውን ጎል አፍ ላይ ይጫነው። ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል እንደ ቅቤ ይገባል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። አንድ ሰዓት ዝናብ የተጠቀጠቀ ደረቅ አፈር ውስጥ አልዘለቀም፣ ላዩን ብቻ አላቁጦታል። መስመሩ ጋ ሣሩ ያለበት ቦታ ሲጭነው ደግሞ በአንድ ዓይነት ግፊት አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ገባ።

እዚህ ብረት ማሰር ትልቁ ስህተት ነው። ጥርሱ ጭቃውን ቀዶ ይወርድና ጠንካራው አፈር ላይ ይቆማል። የሚይዘው የለም፣ ላዩ ደግሞ ያንሸራትታል። ከደረቁም ከጭቃውም መጥፎ መጥፎውን ይሰበስባል ማለት ነው። ኤፍጂው ይሻለዋል። ክብና አጠር ያለ ጥርሱ መስመሩ ላይ ሙሉ ለሙሉ ይገባል፣ እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሮጠው እዚያ ነው። ጎል አፍ ላይ ብዙ ነጥብ ስላለው ጫናው ይከፋፈልለታል። ጥርሶቹ መካከል ጭቃ ይጣበቃል፣ እውነት ነው። ጨዋታ በቆመ ቁጥር ሶሉን ከሶሉ ጋር ማጋጨት ወይም ከመስመር ውጪ ባስቀመጠው እንጨት መጥረግ አለበት። ኳስ ከማዕዘን ሲመታ እንዳይንሸራተት እርምጃውን ያሳጥር፣ አንድ ትልቅ እርምጃ ከመወርወር ሁለት ትንንሽ ይሻላል።

ዝናቡ ቢቀጥልና በዕረፍት ሰዓት እስክሪብቶው መሃል ሜዳ ላይ ሁለት ሴንቲሜትር ቢገባስ? ያኔ ብረቱ ተራው ነው። ውሳኔው የሚለወጠው መሬቱ ሲለወጥ ነው፣ ሰማዩ ሲጠቁር አይደለም።

አንድ ጫማ ብቻ የሚገዛ ሰውስ? ሜዳው አብዛኛውን ጊዜ ሣር ከሆነ ባለ ክብ ጥርስ ኤፍጂ ይውሰድ። አብዛኛውን ጊዜ ራቁት አፈር ከሆነ ኤችጂ ወይም ቲኤፍ። ኤስጂ የብቸኛ ጫማ ምርጫ አይደለም። ሁለተኛ ጫማ ነው።

ሺን ጋርዱ

አሁን ወደ ቅልጥም። የጨዋታ ሕግ 4 ሺን ጋርድ ግዴታ መሆኑን፣ ተስማሚ ከሆነ ቁስ መሠራት እንዳለበትና በካልሲ መሸፈን እንዳለበት ይደነግጋል። ስንት ሴንቲሜትር ይሁን ግን አይልም። እ.ኤ.አ. ከ2024/25 የውድድር ዘመን ጀምሮ መጠኑና ተስማሚነቱ የተጫዋቹ ኃላፊነት እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል። የክሬዲት ካርድ ያህል የምታክል ቁራጭ ካልሲ ውስጥ ከትቶ መግባት የተለመደው በዚህ ክፍተት ነው። እኔ አልደግፈውም፣ ምክንያቱን ከልኬቱ ታያላችሁ።

የዚያን የመስመር ተከላካይ ቅልጥም እንለካ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያጥፍ። ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ካለው እጥፋት እስከ ጉልበቱ ሎሚ ሥር በሜትር ይለካ። 36 ሴንቲሜትር ወጣ እንበል። ከታች እግሩ እንዲታጠፍ 3 ሴንቲሜትር፣ ከላይ ጉልበቱ እንዲታጠፍ 5 ሴንቲሜትር ይቀነስ። 28 ሴንቲሜትር ቀረ። መሸፈን ያለበት ይህ ነው። 23 ሴንቲሜትር ፕላስቲክ ያለው ሺን ጋርድ ቢያደርግ 5 ብቻ ይጋለጣል። 10 ሴንቲሜትሩን ቁራጭ ቢያደርግ 18ቱ ባዶ ነው።

የሚጋለጠው ከላይ በኩል ይሁን። የቅልጥም አጥንት የሚቀጥነው መሃሉና የታችኛው ሲሶ በሚገናኙበት አካባቢ ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚሰበረውም እዚያ ነው። የተጋጣሚ እግር ደግሞ የሚመጣው ከመሬት ነው። ሺን ጋርዱን ወደ ጉልበት ስቦ ማሰር ጠንካራውን ሸፍኖ ደካማውን መተው ነው።

ርዝመቱ ከተስተካከለ ወርዱና ጥምዘቱ ይቀራል። ሥራው ምቱን ማስቀረት ሳይሆን መበተን ነው። ነጥብ ሆኖ የመጣውን ጥርስ ፕላስቲኩ ሰፋ ወዳለ ቦታ ያሰራጨዋል፣ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ደግሞ ያለዝበዋል። ይህ የሚሆነው ግን ፕላስቲኩ ከአጥንቱ ግራና ቀኝ ባለው ሥጋ ላይ ሲያርፍ ነው። አድርጉትና አንዱን ጠርዝ በአውራ ጣት ጫኑት። ሌላው ጠርዝ ከተነሳ ጥምዘቱ ለእግራችሁ አንሷል፣ አጥንቱ ላይ ብቻ ነው የተቀመጠው። ምት ሲመጣ በቀጥታ አጥንቱን ያገኘዋል። ተቃራኒው ደግሞ ጠባቡ ነው፦ ግማሽ ሰዓት አድርጋችሁ ስታወልቁት በሁለቱ ጠርዝ በኩል ቀይ መስመር ይተዋል። ቀጥሎ በእጃችሁ አንጓ ፕላስቲኩን ኳ ኳ አድርጉት። ንዝረቱ ሰፋ ብሎ ከተሰማ ጥሩ። አንድ ነጥብ ላይ ከተሰማ ስፖንጁ አልቋል ወይም ቅርጹ አልገጠመም።

ከዚያ ካልሲውን ከላይ አድርጉና ተንቀሳቀሱ። ጣቶቻችሁን ወደ ላይ ሳቡ፣ የታችኛው ጠርዝ እግራችሁን ከወጋው ረዝሟል። ቁጢጥ በሉ፣ የላይኛው ጠርዝ ጉልበታችሁን ከነካ ያው ነው። ሩጡና ተመልከቱ። ከአንድ ጣት ወርድ በላይ ከወረደ ወይም ወደ ጎን ከዞረ አሳሳሩ ይለወጥ። ዞሮ ባት ላይ የደረሰ ሺን ጋርድ ከሌለው አይሻልም። ብዙዎቹ ግራና ቀኝ ስላላቸው ምልክቱን አይታችሁ አድርጉ፣ የሚዞሩት ብዙ ጊዜ ተገላብጠው ሲደረጉ ነው።

አሳሳር ላይ ሜዳው እንደገና ይመጣል። ለስላሳ ሣር ላይ ተጋጣሚ ብረት አድርጓል፣ ሸርተቴውም ከሩቅ ይጀምራል። እርጥብ ካልሲ ደግሞ ይላላል፣ ያረፈበትንም ይለቃል። ስለዚህ ሙሉ ርዝመት ያለው ጠንካራ ፕላስቲክ፣ በጠባብ የውስጥ ካልሲ ኪስ ውስጥ የሚገባውን እመርጣለሁ። ኪሱ ሺን ጋርዱን ከቆዳ ጋር ስለሚይዘው ካልሲው ቢላላም አይወርድም። ደረቅ ሜዳ ላይ የሚያስቸግረው ላብ ነው። ስፖንጁ ላብ ሲጠጣ ይንሸራተታል፣ ቆዳም ይላጣል። እዚያ ቀዳዳ ያለው፣ ቀለል ያለና ከሥሩ ቀጭን ጨርቅ ያለው ይመቻል። በደረቅ ሜዳ ብረት የሚያደርግ ብዙም ስለሌለ ጥንካሬው ትንሽ ቢቀንስ ችግር የለም። ርዝመቱ ግን አይቀነስ።

የቁርጭምጭሚት መከላከያ አብሮት የተሰፋው ዓይነት ለልጆችና ለጀማሪ ጥሩ ነው፣ ቦታውን አይለቅም። ነገር ግን ከእግር ሥር የሚያልፈው ማሰሪያና የጎኑ ስፖንጅ ጫማ ውስጥ ቦታ ይይዛሉ። ታኬታ ስትለኩ እሱን አድርጋችሁ ለኩ። ያለዚያ ጫማው በጨዋታ ቀን ይጠባል። አልያም ሺን ጋርዱን ትታችሁ ስትጫወቱ እግራችሁ ውስጡ ይዋኛል። እግር ውስጡ የሚዋኝበት ጫማ ጥርሱ ምንም ቢይዝ አይጠቅምም፣ ሶሉ ቆሞ እግሩ ይሄዳል።

ቴፕ ካሰራችሁ ከሺን ጋርዱ በታች፣ በካልሲው ላይ፣ ሁለት ዙር ይበቃል። ጣቶች ከደነዘዙ ወይም ከቀዘቀዙ ጠብቋል፣ ወዲያው ፍቱት። ሺን ጋርድ ጭረትንና ብልዝን በደንብ ይቀንሳል። ኃይለኛ ግጭት ላይ ስብራትን ሁሌ ያስቀራል ብላችሁ ግን አትተማመኑ። ፕላስቲኩን በየጊዜው ብርሃን ላይ ይዛችሁ ጎንበስ ቀና አድርጉት። ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ከታየ አበቃለት፣ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ በምት ጊዜ ይሰበርና ስለቱ ወደ ውስጥ ይዞራል። ከጨዋታ በኋላ ስፖንጁን በሳሙና አጥባችሁ ጥላ ላይ አድርቁት። ኃይለኛ ፀሐይ ላይ የሚሰጣ ፕላስቲክ ጥምዘቱ ይለወጣል፣ ያኔ ልኬቱን ከመጀመሪያው መድገም ነው።